ሠርጉ የተቀመጠበት ላፕቶፕ

ልጄ የሕንፃ ንድፍ ትማር በነበረበት ጊዜ፣ የመጨረሻው ዓመት የፈተና ሳምንት ላይ ላፕቶፗ ሞላ። «ሞላ» ስትለኝ መጀመሪያ አልገባኝም። እኔ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የሚሞላ ነገር አውቃለሁ። መደርደሪያ ሲሞላ ጋቢው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሻንጣ ሲሞላ ዚፑ ይጮሃል። ላፕቶፑ ግን ያው ትናንት የነበረው ላፕቶፕ ነው። አልወፈረም፣ አልከበደም።

«በምን ሞላ?» አልኳት።

«እሱን ባውቅማ!» አለችኝ፤ ዓይኗ አብጧል።

ቤታችን ተክለ ሃይማኖት ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሱቁ ያለበት መስመር ግን ይሠራ ነበር። ስለዚህ ልጄ ላፕቶፗን ይዛ ከእኔ ጋር ሱቅ መጣች። ከኋላ፣ የተጣጠፉ ጋቢዎች ላይ ተቀመጠች፤ ሶኬቱን ከአምፖሌ መስመር ቀጠልንላት። በማግስቱ ከቀትር በፊት የምታስረክበው ሥራ ነበራት፤ የሕንፃ ንድፍ ነው፣ የዓመቱ ሁሉ ልፋት። ካላስረከበች አትመረቅም። በማግስቱ ማግስት ደግሞ የወረቀት ፈተና አለ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

ሥራው ምን እንደቀረው አስረድታኛለች። መስመሩን ሥላ ጨርሳለች። የቀረው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ ሥዕሉን ፎቶ እንዲያስመስለው፣ ከዚያም ሰው በሕንፃው ውስጥ የሚሄድ የሚመስል ቪዲዮ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ለቪዲዮው ብዙ መቶ ሥዕል አንድ በአንድ ይሠራና ያስቀምጣል። ያንን ሲያስቀምጥ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ የለም። ጀመረ፣ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቆመ።

«ንድፉስ ጠፋ?» አልኳት።

«ንድፉ አለ እማዬ። በጓደኛዬ ፍላሽ ላይም ገልብጬዋለሁ። የሚሠራበት ቦታ ነው ያጣው።»

ይሄስ ገባኝ። ጨርቁ አለ፣ መቀሱ አለ፣ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ የለም። ጠረጴዛ ከሌለህ እንኳን ቀሚስ መሐረብም አትቆርጥም።

እንግዲህ ማጥፋት ጀመረች። መጀመሪያ ዘፈኖቿን አጠፋች። ቀጥሎ የጓደኞቿን ፎቶ፣ የድሮ ዓመታት ማስታወሻዎችን። እያጠፋች ትንሿን መስመር ታያለች፤ ላፕቶፑ ምን ያህል እንደሞላ የምታሳይ መስመር ናት፤ ደህና ሲሆን ሰማያዊ፣ ሊፈነዳ ሲል ቀይ። ቀይ ነበረች። ያን ሁሉ አጥፍታም ቀይ ናት። እኔ ከፊት ደንበኛ ይዤ፣ «ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ጥለቱን እይው» እያልኩ፣ በአንድ ዓይኔ ወደ ኋላ አያለሁ። ልጄ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚናገረው።

አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋ ደወለች። በስልኩ ውስጥ የጓደኛዋ ሳቅ እስከ ፊት ተሰማ።

«አንቺ! ያጠፋሽው እኮ ቅርጫቱ ውስጥ ነው ያለው። ቅርጫቱም እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ባዶ አድርጊው እንጂ!»

ለካ የተጣለው ሁሉ አልወጣም። ከክፍሉ ወደ ጓዳ ነው የተዛወረው። ቅርጫቱን ባዶ ስታደርግ ቀዩ መስመር ጫፉ ላይ ትንሽ ሸሸ፤ ጥፍር ታክላለች። ልጄም ተስፋ አደረገች፣ ሥራውን ጀመረች፣ ፕሮግራሙ ካለፈው ትንሽ ርቆ ሄደና ያው ቆመ።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንንሹን ስለቅም ነው የዋልኩት» አለች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ። «ሺህ ፎቶ ብደመስስ አንድ ፊልም አያክልም። ትልልቁን ነው መፈለግ ያለብኝ።»

ከዚያ ያደረገችውን ቆሜ አይቻለሁ። መፈለጊያው ላይ ትልልቁን ብቻ እንዲያወጣ ጻፈችና በመጠን አሰለፈቻቸው፤ ግዙፉ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። እኔን ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው ፊደል የለቀምኩት። ቁጥር ግን ከማንም በላይ አነባለሁ። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ሳይ ከታች ያሉት ፍርፋሪ ሆኑብኝ።

ጥቂቶቹ የእኔ የሕንድ ፊልሞች ነበሩ።

«የኔን ፊልም?» አልኩ።

«አይተሽዋል እማዬ።»

«ባየውስ! አንዴ የበላሽውን ወጥ ድጋሚ አትበይም?»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አጥፊው። ያቺ የምታለቅሰዋን ብቻ ተይልኝ።» እሷንም አልተወችልኝም።

ከፊልሞቹ በላይ ግን፣ ከሁሉም በላይ፣ የቆሙት የጎረቤታችን የጋሼ ልጅ ሠርግ ቪዲዮዎች ነበሩ።

ጋሼ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ባለቤት ነው፤ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መርካቶ ያደገ፣ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍል ሰው። አንድ ሴት ልጁን የዳረ ጊዜ የዚያ መስመር ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ነበር። ሸማ ተራ በሥራ ቀን ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከሠርጉ በኋላ ቪዲዮ አንሺው የሰጣቸው ሲዲ በቤቱ ሕፃናት እጅ ተጫጭሮ ቀረ። ጋሼ ሰውየውን ሲያስጨንቀው ያልተቆረጠውን፣ ካሜራው እንዳነሳው ያለውን ሁሉ በውሰት ዲስክ አመጣለትና በቶሎ መልሱልኝ አለ። ጋሼም ዲስኩን ይዞ ለልጄ፣ «አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። አደራ» አላት። እሷም ገለበጠችው። በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ላፕቶፕ ካላት የሁሉም ሣጥን እሷ ናት። ክርስትናውም፣ ምርቃቱም፣ ከአገር ቤት የመጣው የቤተሰብ ፎቶም እሷ ጋ ይቀመጣል። እምቢ የሚባል ነገር አይደለም።

ልጄ ዝርዝሩን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣ «እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያለው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሠርጉ። ይኸው፣ አንዱ ጋሼ ያመጡት። ይሄኛው ደግሞ ዲስኩ ሳይመለስ ሚስታቸው ያንኑ በፍላሽ እያመላለሱ ያስገለበጡኝ። ስሙ ይለያያል እንጂ የእያንዳንዱ ቁራጭ መጠን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንድ ነው።» አንድ ሁለቱን ከፍታ ጎን ለጎን አየቻቸው። ያው መኪና፣ ያው አበባ፣ ያው ሰውዬ ከረባቱን ሲያስተካክል።

ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን አልነካም አለች። ጋሼን ጠራሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ጋሼ፣ ሠርጉ እዚህ ሁለቴ ተቀምጧል። አንዱን ላጥፋው?»

«ሁለቴ?» አለና ሳቀ። «ወላሂ እኔ ሁለቴ አልዳርኩም! ያን ድግስ ሁለቴ ብደግስ ዛሬ እናትሽ ሱቅ ተቀጣሪ ነበርኩ። አጥፊው፣ አጥፊው።»

አጠፋችው፤ በዚህኛው ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ። መስመሯ ሸሸች፤ ቀይነቱ ግን አልለቀቃትም። ልጄ ለቪዲዮው የሚያስፈልጋትን በወረቀት ደመረችና እንደገና ጋሼን ቀና ብላ አየችው። ልትናገር አፍራለች። እሱ ግን ነጋዴ ነው፤ ሰው ሳይናገር ይገባዋል።

«አልበቃም?»

«አልበቃም ጋሼ። ሌላኛውም ለጊዜው ካልወጣ...»

«ታዲያ ይውጣ! ማስቀመጫው የኔ ዕዳ ነው። ስንት ወር ቤትሽን አጥሬ ኖርኩ፣ ኪራይ እንኳን አልከፈልኩሽም። አሁን መጣሁ።»

ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ በጣቶቹ መካከል ፍላሽ ይዟል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የታተመበት።

«ስልሳ አራት ይላል። ይበቃል?»

«እንዴት አይበቃም! ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውድ ነው።»

«ውድ?» ደረቱን ነፋ። «ውድ ለማያውቅ ነው። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ግማሹን እንኳን አልሰጠሁትም። ልሂድ ስል፣ ና ውሰድ ብሎ ተከተለኝ።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ሳቄ ያስገርመኛል። ጋሼ እኮ ጨርቅ አምጡለት፤ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት ለኩሶ አመዱን በጣቱ ፈጭቶ፣ ጥጥ ነው ናይለን ነው ይነግራችኋል። ጥጥ ነው ብለው ናይለን ሊሸጡለት የመጡ ሰዎች ናይለናቸውን ተሸክመው ሲመለሱ አይቻለሁ። ያ ሰው ፍላሹን ሲገዛ የሚለኩሰው ክር አልነበረውም። ላዩ ላይ የተጻፈውን ነው ያመነው።

ልጄ ሰካችው። ላፕቶፑም ስልሳ አራት ነው አለ። ሠርጉን በሙሉ ይዛ ከዚህ ቆርጣ እዚያ ለጠፈችው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ፍላሹ ይገለብጥና ሲጨርስ ከዚህ ያጠፋል። ረጅም ጊዜ ፈጀ። አንድም ጊዜ ስህተት አለ አላለም፤ አለቀ አለ። ፍላሹን ከፈተችው፤ ቁራጮቹ ሁሉ በተራ ተሰልፈዋል፣ ስማቸውም መጠናቸውም ትክክል። የመጀመሪያውን ነካችው፤ መኪናው መጣ፣ አበባው ታየ። ዘጋችና ለጋሼ በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱም በኪሱ ከተተና ደረቱን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

መስመሯ ሰማያዊ ሆነች። ልጄ እንደዚያ ቀን የሳቀችበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሥራውን ጀመረች። በዚህ ጊዜ አልቆመም። ሲመሽ ገና አልጨረሰም ነበር፤ ቤት ደግሞ መብራት የለም። ስለዚህ ላፕቶፑን እንደበራ ጋቢዎቹ መካከል ትተን፣ ሱቁን ቆልፈንበት፣ የመስመሩ መብራት እንዳይጠፋ እየለመንን ሄድን። በማለዳ ስንከፍት ጨርሶ ጠበቀን። ልጄ ሥዕሎቹንና ቪዲዮውን በጓደኛዋ ፍላሽ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።

ጋሼ የመጣው እሷ ገና ሳትመለስ ነው። በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ» እያለ ጨርቄን እየነካካ አላሾፈም።

«ልጅቷ የለችም?»

«ልታስረክብ ሄዳለች። ምነው?»

«ትናንት ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው። እንግዳው ይመጣል። ምሳው ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አይከፈትም አለ።» ፍላሹን መዳፉ ላይ ገለባበጠው። «ቴሌቪዥኑ ነው ብዬ ዛሬ የሰው ኮምፒውተር ላይ አሳየሁት። ስሙ አለ። መጠኑ አለ። ልጄ የለችም።»

«ግባ፣ ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ። እኔም ሥራ ያለኝ ይመስል አንዱን ነጠላ አጥፌ እንደገና ዘረጋሁት።

ልጄ እየሮጠች መጣች። ከሩቅ ነው የጮኸችው፤ «ተቀበሉኝ!» አለች። ጋሼን ስታይ፣ «ጋሼ! በእርስዎ ነው የተረፍኩት!» ብላ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። እሱም፣ እግዜር ይስጠው፣ እንዲህ አላት፤ «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። በርቺ።» ፍላሹን ወደ ኪሱ ሊመልሰው እጁ ሲሄድ አየሁት። አየችው እሷም።

«ምን ሆነ?»

ነገርናት። ሰካችው፣ አየችው። አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን፣ ሌላውን። እንግዳው ይመጣል፣ ምሳው ይበላል፣ ከዚያ ምንም። ለጓደኛዋ ደወለች፤ በዚህ ጊዜ በስልኩ ውስጥ የሳቀ የለም። ከተነጋገሩት ለእኔ የደረሰኝ ይኼ ነው፦ ፍላሹ የውሸት ነው። ውስጡ ያለው ቦታ ከተጻፈው ስምንት እጅ ያንሳል፤ ግን ስልሳ አራት ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ሲገለበጥበት እሺ እሺ እያለ ይቀበላል። ቦታው ሲያልቅ የተቀበለውን አያኖረውም፤ ስሙንና መጠኑን ብቻ ይዞ ይቀራል።

«ከላፕቶፑ ላይ ይወጣ ይሆናል» አለች ልጄ፣ ለራሷ። የጠፋ ነገር ወዲያው አይደመሰስም፤ ቦታው ባዶ ነው ይባላል እንጂ ሌላ እስኪጻፍበት እዚያው ነው። መፈለጊያ ፕሮግራም አምጥታ አስነሳችው። ጋሼ ከኋላዋ ቆመ፣ እኔ ከጎኗ። ሱቁ ውስጥ ሦስታችንም በአንዲት ቀስ ብላ በምትሄድ መስመር ላይ ዓይናችንን ተከልን። ደንበኛ መጥቶ «ነጠላ አለ?» ሲል፣ «የለም» አልኩት፤ ነጠላ ዙሪያዬን ተከምሮ።

ስሞቹ ወጡ። ጋሼ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ልጄ የወጣውን ስትከፍተው አንዱም አልታይ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የተሠሩት እነዚያ ብዙ መቶ ሥዕሎች ሠርጉ በነበረበት ቦታ ላይ ነው የተጻፉት። ትናንት ያጠፋነው ሁለተኛውም ቅጂ ቦታው እዚያው ነበር፤ እሱም ሄዷል። ሁለት ነበረን፤ አንድ ዲስክ ላይ ስለነበሩ እንደ አንድ ሄዱ።

«የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የከፈትኳት» ትል ጀመር። «ጋሼ፣ የመጀመሪያዋን ብቻ። የመጨረሻዋን ብከፍታት ኖሮ...»

«ተይ» አላት።

«ቆርጬ ባልለጥፍ ኖሮ፣ ገልብጬ አይቼ...»

«ተይ አልኩሽ። ፍላሹን የገዛሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ከፍዬ።» ሊስቅ ሞከረ። ከአፉ የወጣው ሳቅ አልነበረም።

ቪዲዮ አንሺው ጋ ደወለ። ሰውየው ዲስኩን ለሌላ ሠርግ እንደተጠቀመበት፣ ካሜራውንም እንደሸጠ ነገረው። ፍላሹን የሸጠለት ሰውዬ ቆሞ የነበረበት ቦታ ሄደ፤ እዚያ ዛሬ ሌላ ሰው ጃንጥላ ይሸጣል፤ የትናንቱን አላውቀውም አለው። ከመርካቶ ጋር የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጋሼ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ገበያው ፊቱን ያዞረበት መሰለኝ።

ልጄ ደብተሯን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፣ አልከፈተችውም። በነጋታው ፈተና አለባት። «አጥኚ» ብላት ምን ዋጋ አለው? «አታጥኚ» ማለትም አልችልም። ሻይ አስመጣሁ። ቀዘቀዘ።

ጋሼ ሊሄድ ተነሣና በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ።

«እስኪ አሳይኝ» አላት።

«ምኑን?»

«ልጄን የበላትን። ሕንፃውን።»

ልጄ ወደ እኔ አየች። ከፈተችለት። ሕንፃው እየተሽከረከረ ወጣ፤ ነጭ፣ ፀሐይ የገባበት፣ ደረጃው ሰፊ፣ አራት ፎቅ ገበያ። ጋሼ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገ። ጨርቅ እንደሚያየው ነው ያየው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጥግ ጀምሮ።

«ሰው የለበትም» አለ።

«ጊዜ አልበቃኝም ጋሼ። ሰው ማስገባት ሌላ ሥራ ነው።»

«እ...» አለ። ቪዲዮው አልቆ ቆመ። «ድገሚው።»

ደገመችለት። ባዶው ደረጃ መጣ፣ ባዶው ኮሪደር፣ የተዘጉ ሱቆች። ሦስተኛ ጊዜ እንድትደግመው አልጠየቃትም፤ አልሄደምም። መነጽሩን አውልቆ በነጠላዬ ጫፍ ሲወለውል፣ ልጄ ሳይጠይቃት እንደገና አስጀመረችው።